አሥራ ስድስተኛዋ ፊደል

የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኳን ይዛ መጣችና ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ስሜ አልገባ አለ» አለችኝ። የድሮው ትዊተር፣ የአሁኑ ኤክስ ላይ አካውንት ልትከፍት ፈልጋለች። ስሟንና የአባቷን ስም አያይዛ ስትጽፍ ግን ገጹ አልቀበልም ይላታል። ስልኩን ተቀብዬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አሥራ ስድስት ሆኑ። ኤክስ ለዩዘርኔም የሚፈቅደው ደግሞ 15 ፊደል ብቻ ነው።

እውነተኛ ስሟን እዚህ አላወጣም። በምትኩ ርዝመቱ እኩል የሆነ ስም ልስጣትና ጽዮን ገብረመድኅን እንበላት። በላቲን ሲጻፍ tsiongebremedhin ይሆናል። ፋርማሲስት ናት። ሳምንቱን ሆስፒታል ውላ ቅዳሜ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፤ ሊጡን ስታቦካና በኮባ ስትጠቀልል እጇን ብቻ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። ከዳቦው የተነሳ የሚከተላት ሰው ቀላል አይደለም። አሁን ግን በሙያዋም መታየት ፈልጋለች። ሊንክድኢን ላይ የሥራ ልምዷን ማስፈር፣ ኤክስ ላይ የሙያ ባልደረቦቿን መከታተል አሰበች። ችግሩ በየቦታው የተለያየ ስም ያላት መሆኑ ነው። ቲክቶክ ላይ tsi_dabo90 ናት፤ ቴሌግራም ላይ የቤት ስሟና ቁጥር፤ ኢሜይሏ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የወጣ ነው፣ ውስጡ «ቆንጆ» የሚል ቃል አለበት።

በኢሜይሏ አልሳቅኩም። የእኔም የመጀመሪያ ኢሜይል ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ የወጣ ነበር፣ «የአራዳ ልጅ» የሚል። ከዓመታት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቅጽ የምትሞላ ሴት «ኢሜይልዎን ይንገሩኝ» ስትለኝ፣ ከኋላዬ ተሰልፈው የቆሙት ሁሉ እየሰሙ ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። «አንደርስኮሩ ከአራዳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላ የጠየቀችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ወደ ጽዮን ስም ልመለስ። ማንኛውም አካውንት ሁለት ስም አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚያየው። ዩዘርኔም የሚባለው ሊንኩ ውስጥ የሚገባው፣ ሰው ሲጠራን ከ@ ቀጥሎ የሚጻፈው ነው። በዚያ መድረክ ላይ ከአንድ ሰው በላይ ሊይዘው አይችልም፣ ክፍት ቦታም አይቀበልም፣ ከነገርናቸው መድረኮች በአብዛኞቹ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ሁለተኛው ከፎቶው አጠገብ በጉልህ የሚታየው ስም ነው። እሱን ሺህ ሰው ሊጋራው ይችላል፤ በአማርኛም ይጻፋል፤ ሲያስፈልግ ይቀየራል። ጽዮን የሙያም የግልም ጣጣዋን ሁሉ በአንዱ በዩዘርኔሙ ላይ ልትጭን ስትሞክር ነው የከበዳት። እኔ የነገርኳት፣ ዩዘርኔሙ ለአሥርና ለሃያ ዓመት የማይነካ ደረቅ ስም ይሁን፤ የሚለዋወጠውን ሁሉ ለሚታየው ስም ተዪለት ነው።

ታዲያ ያ ደረቅ ስም በየመድረኩ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከተፈለገ፣ የእያንዳንዱ ደንብ የሚገናኝበትን ቦታ መፈለግ ግድ ነው። ጂሜይል ከ6 ፊደል በታች አይቀበልም። ቴሌግራም ቢያንስ 5 ይላል። ኢንስታግራም እስከ 30 ይፈቅዳል፤ ጠባቡ ኤክስ ነው፣ በ15 ይዘጋል። ስለዚህ ከ6 እስከ 15 ፊደል ያለው ስም ሁሉም ጋ ያልፋል። ነገሩ የሚጠብቀው ምልክቶቹ ላይ ነው። አንደርስኮርን ኢንስታግራም፣ ኤክስ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ይቀበላሉ፤ ጂሜይልና ፌስቡክ ግን አይቀበሉም። ነጥብን ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ጂሜይልና ፌስቡክ ይቀበላሉ፤ ኤክስና ቴሌግራም ይመልሱታል። ሰረዝ ደግሞ የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ጊትሃብ ላይ ይሠራል፣ ኢንስታግራም ላይ አይሠራም። ሁሉም ጋ የሚያልፍ አንድም ምልክት የለም። የሚቀረው በትንንሽ የላቲን ፊደል ብቻ፣ ያለ ምንም ምልክት፣ ከ6 እስከ 15 ፊደል የሆነ ስም ነው። ቁጥርም ያልፋል፤ ስለ ቁጥር ግን የምለው አለኝ።

tsi_dabo90 ውስጥ ያለው 90 የጽዮን የትውልድ ዓመት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1990። ፈረንጅ ሲያየው፣ ወይም የእኛው ሰው ውጭ ሆኖ ሲያየው፣ 1990 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነባል። ልጅቷ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች ማለት ነው። ይህ የሚያስቅ ነው፤ የማያስቀው የትውልድ ዓመት ባንክም ሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ማንነታችንን ለማረጋገጥ ከሚጠይቀን ነገር አንዱ መሆኑ ነው። በር ላይ ለጥፎ መዞር አያስፈልግም። ሌላው ቁጥርም ቢሆን ሰው አያስታውሰውም። «ጽዮን 21 ነበረች 12?» ብሎ የሚገምት ሰው መልእክቱን ለማያውቃት ሰው ይልካል።

ምልክቱንም ቁጥሩንም ካወጣን በኋላ የቀረን ስሙ ራሱ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የእኛ የሐበሾች ብቻ ጣጣ ነው። ፊደላችን ወደ ላቲን ሲገለበጥ አንድ ወጥ መንገድ የለውም። «ጽዮን» Tsion፣ Tsiyon፣ Tseyon፣ Sion፣ Zion ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። «ገብረመድኅን» ደግሞ Gebremedhin፣ Gebremedhen፣ Gebremedhn፣ Gebremedin፣ Ghebremedhin ይሆናል። አምስቱን በአምስቱ ብናባዛ ለአንዲት ሴት 25 ስም ወጣ። ሳድስ ፊደል አንዱ ጋ i፣ አንዱ ጋ e፣ ሌላው ጋ ጭራሽ ይዋጣል፤ ቅ አንዴ k አንዴ q ነው፤ የሚጠብቀውን ፊደል አንዱ ደግሞ ሲጽፈው ሌላው በአንድ ይተወዋል። ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ በዓለም መዝገብ Gebrselassie ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ ከb ቀጥሎ e የለም። የዓለም ጤና ድርጅቱ ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ደግሞ የመጨረሻ ስማቸው Ghebreyesus ነው፣ በgh የሚጀምር። «ገብረ» ያው «ገብረ» ነው፤ ስሙን የሚፈልግ ሰው ግን የትኛውን እንደሚጽፍ በምን ያውቃል?

ስለዚህ ጽዮንን መጀመሪያ ያልኳት «ፓስፖርትሽን አምጪ» ነው። ፓስፖርት የሌለው የፋይዳ መታወቂያው ወይም ዲግሪው ላይ በላቲን የተጻፈውን ይመልከት። ቀጣሪም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ኤምባሲም የሚያስተያየው ከዚያ ጋር ነው። አጻጻፉ ባያምርም ግድ የለም። Tsiyon የበለጠ ያምራል ብሎ ሊንክድኢን ላይ አንድ፣ ዲግሪ ላይ ሌላ ማድረግ በኋላ «ሁለቱ አንድ ሰው ነኝ» እያሉ ማስረጃ መሰብሰብን ያመጣል። የእሷ ወረቀቶች ደግነቱ ሁሉም ጋ Tsion Gebremedhin ነው የሚሉት። ያው አሥራ ስድስት ፊደል፣ በአንድ የተረፈ።

እንግዲህ መቁረጥ ነው። እሷ መጀመሪያ ያሰበችው tgebremedhin ነበር፤ 12 ፊደል ነው፣ ይገባል። የፈረንጅ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ኢሜይል የሚያወጡበት መንገድ ነው፣ የራስን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከቤተሰብ ስም ጋር አያይዞ። ለእነሱ ይሠራል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ገብረመድኅን አባቷ ናቸው፣ እሷ ደግሞ ጽዮን ናት። እኛ «ወይዘሪት ጽዮን» ነው የምንለው፤ ስብሰባ ላይ «ወይዘሪት ገብረመድኅን» ብሎ የሚጠራት የለም። የራሷን ስም ወደ አንዲት t አሳንሳ የአባቷን በሙሉ ብትጽፍ ማን እንደሆነች የሚያውቅ አይኖርም። ከዚህም የባሰ አለ። ተስፋዬ የሚባል ወንድም ቢኖራትስ? እሱም tgebremedhin ነው። ትዕግሥት የምትባል እህት ብትጨመር ሦስቱም ለአንድ ስም ይጣላሉ።

ሁለተኛው ሐሳቧ tsiongebre ነበር። አጭር ነው፣ ለአፍም ይቀላል፤ ውጭ አገር ያሉ ብዙ ሰዎችም የአባታቸውን ስም እንዲህ ቆርጠውታል። እኔን ግን ሁለት ነገር ከነከነኝ። «ገብረ» ብቻውን የማን አገልጋይ እንደሆነ ያልተነገረ፣ የተንጠለጠለ ቃል ነው። ይህ የስሜት ጉዳይ ነው ይባል። ሁለተኛው ግን ተግባራዊ ነው፤ ከገብረማርያም እስከ ገብረጻድቅ ያለው ሁሉ ሲቆረጥ የሚደርሰው እዚያው «ገብሬ» ላይ ስለሆነ፣ የስሙ መለያ የሆነውን ክፍል ጥሎ የጋራውን ማስቀረት ነው። ኋለኛውን ብቻ ይዛ tsionmedhin ብትልስ? ያ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ሆነ፣ የጽዮን መድኅን።

መፍትሔው ከድሮ መዝገብ ቤት መጣ። የእኛ አገር ጸሐፊዎች ይህን ችግር ኮምፒውተር ሳይመጣ ፈትተውታል። ረጅም ስም በጠባብ ዓምድ ሲጻፍ ገ/መድኅን፣ ወ/ማርያም፣ ኃ/ሥላሴ ይባላል። ዩዘርኔም ያችን እዝባር አይቀበልም እንጂ ዘዴው ያው ነው። እዝባሯን ስናነሳት tsiongmedhin ሆነ። ስንቆጥረው 12 ፊደል። የራሷ ስም ሙሉ ነው፣ የአባቷ ስም መለያው ክፍል አለ፣ ሐበሻ ሲያየው ዐይኑ ወዲያው ይለምደዋል።

ከዚያ ቃሉን በስልክ አስነበብኳት። ይህን ብዙ ሰው አይሞክረውም። ጎረቤት ክፍል ገብታ ደውላልኝ ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ፤ አንድም ጊዜ «እንዴት?» ሳልል በትክክል ጻፍኩት። ስማቸው ውስጥ l ያለባቸው፣ አለሙና ሰላም የሚባሉ ሰዎች ሌላም ነገር ይጠብቁ። ቴሌግራም ላይ ትልቁ I እና ትንሹ l በብዙ ስልክ ላይ አይለዩም። አጭበርባሪ selam የሚለውን በትልቅ I ጽፎ፣ ፎቶውንም ቀድቶ፣ ከዘመድ ብር ይለምናል። ማወቂያው ቀላል ነው። የተላከውን ስም ራሳችን በእጃችን እንጻፈውና እንፈልገው፤ የሚመጣው ሌላ አካውንት ከሆነ የላከልን ሰው የምናውቀው አይደለም።

ስሙ የተያዘ እንደሆነና እንዳልሆነ የማየቱም ነገር የራሱ ወጥመድ አለው። ጽዮን t.me/ ብላ ስሙን ጨምራ በብሮውዘር ከፈተችና «ተይዟል» ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር፤ አናግሩት የሚል ገጽ መጣላታ። ቴሌግራም ግን ባለቤት ለሌለው ስምም ያንኑ ገጽ ነው የሚያሳየው። እውነቱ የሚታወቀው አፑ ውስጥ ገብቶ የራስን ዩዘርኔም መቀየሪያ ላይ ሲጻፍ ነው፤ እዚያ ክፍት መሆኑን ይናገራል። ኢንስታግራም ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ገጹ «አልተገኘም» ይላል፣ ስሙ ግን በተዘጋ አካውንት ስር ተይዞ ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ጋ ቸኩሎ ከመመዝገብ በፊት ሁሉም ጋ ሞክሮ ማየት ነው። ተይዞ ቢሆን ኖሮ real ወይም official የሚል ቃል እንድትለጥፍ አልመክራትም ነበር፤ አስመሳዮች ያበላሹት ቃል ነው። እኛ ሦስተኛ ስም አለን፣ የአያት። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ኤክስ ላይ @AbiyAhmedAli ናቸው፤ ሦስቱም ስም ተጽፎ 12 ፊደል ብቻ ነው።

«ፋርማሲስት የሚለውን ላስገባበት?» አለችኝ ጽዮን። አይሆንም አልኳት። ዶክተር ቴዎድሮስ @DrTedros ናቸው፤ ዲግሪ ስለሆነ ማንም አይነጥቃቸውም። የሥራ መደብና የመሥሪያ ቤት ስም ግን ከሰው ጋር አይከርምም። አሜሪካ ውስጥ ኖኅ ክራቪትስ የሚባል ጸሐፊ ፎንዶግ ለተባለ የሞባይል ስልክ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር፤ ትዊተር ላይ @PhoneDog_Noah ብሎ ወደ 17,000 ተከታይ አፈራ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲለቅ አካውንቱን @noahkravitz ብሎ ቀይሮ ይዞት ሄደ። ድርጅቱ በ2011 ከሰሰው። ለእያንዳንዱ ተከታይ በወር 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ለስምንት ወር፣ በድምሩ 340,000 ዶላር ይክፈለን አለ። በ2012 መጨረሻ ላይ በስምምነት አለቀ፣ አካውንቱም ከእሱው ጋር ቀረ። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው፣ ከመጀመሪያው የራሱን ስም ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ ክሱ ምን ይዞ ይቆም ነበር እያልኩ ነው።

ዩዘርኔሙ እንዲህ ከተቋጨ የሚታየው ስም እፎይ ይላል። ሊንክድኢን ላይ Tsion Gebremedhin፣ ልክ እንደ ፓስፖርቷ። ኤክስ ላይ 50 ፊደል ስለሚፈቀድ በሁለቱም ፊደል Tsion Gebremedhin | ጽዮን ገብረመድኅን አልናት፤ ክፍት ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ 31 ነው። የአማርኛውን መጨመር ጌጥ ብቻ አይደለም። ዘመዶቿና የሆስፒታል ባልደረቦቿ የሚፈልጓት በአማርኛ ጽፈው ነው። እዚህም ላይ ለማሽኑ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ «ፅዮን» ብሎ የጻፈ ሰው «ጽዮን»ን ላያገኝ ይችላል። ኅ እና ህም እንደዚያው። መፍትሔ የለውም፤ መታወቂያው ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዞ መጽናት ብቻ ነው።

ፌስቡክ ግን ይህን አይፈቅድም። በስም ሳጥኑ ውስጥ የሁለት ቋንቋ ፊደል መቀላቀልን፣ ምልክትንና ማዕረግን በደንቡ ይከለክላል። የአማርኛውን ስም «ሌላ ስም» በሚለው ቦታ መጨመር ይቻላል። ስም አንዴ ከተቀየረ እስከ 60 ቀን መልሶ መቀየር ስለማይቻል፣ ከማስገባት በፊት ሁለቴ ማንበብ ደግ ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሚታየውን ስም «የጽዮን ድፎ» አደረገችው። ዩዘርኔሙ ያው tsiongmedhin ነው። ዳቦውን የሚወድ ሰው ፋርማሲስቷን ቢያገኛት፣ ወይም የሆስፒታል አለቃዋ ዳቦውን ቢያይ፣ የሚያሳፍር ነገር የለም። ይህ ነው እንግዲህ መለኪያዬ፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ ማዕድ ላይ ቢገናኙ የማትሸማቀቅበት አካውንት ከሆነ አንድ ስም ይበቃል።

የምትሸማቀቅበት ከሆነስ? ያኔ ስሙ ፈጽሞ የተለየ መሆን አለበት፤ አንዲት ፊደል መጨመር መደበቅ አይደለም። አንድ ዩዘርኔም ሲሰጣቸው በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን በደቂቃ ፈልገው የት የት እንዳለ የሚዘረዝሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሼርሎክ የሚባለው አንዱ ነው። ያንኑ ፎቶ መጠቀምም ያው ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ስልክ ቁጥርን ማን ማየት እንደሚችል፣ በቁጥርስ ማን ሊያገኘን እንደሚችል ሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች አሉ፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። የዩዘርኔም ትልቁ ጥቅም ቁጥርን ሳይሰጡ መገናኘት ስለሆነ ሁለቱንም አይታ እንድትዘጋ አደረግኳት።

የቀረን የድሮውን ማንሳት ነበር። tsi_dabo90ን መልቀቅ አሳሳት፤ ከስሙ ጋር የለመዳት ሰው አለ። ቲክቶክ ዩዘርኔም በ30 ቀን አንዴ ብቻ ነው የሚያስቀይረው። ስለዚህ አስቀድማ ሁለት ሳምንት በየቪዲዮው ስር ስሟ ሊቀየር መሆኑን ጻፈች። አካውንቱ ራሱ ስለሚቀጥል ተከታይ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ድሮ የተላከው ሊንክ ነው፣ የተለቀቀውንም ስም ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ በየቦታው የለጠፈችውን የቆየ ሊንክ ፈልጋ ቀየረች፣ ዳቦ የምታደርስበት ካርቶን ላይ የታተመውን ሳይቀር። የ«ቆንጆ»ዋን ኢሜይል ግን እንድትዘጋው አልነገርኳትም። ባንኩም ፌስቡኩም የተመዘገበው በእሷ ስለሆነ፣ አዲስ ከፍታ መልእክቶቹ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዲያልፉ አደረገች።

እሑድ አባቷ ሊጠይቁን መጡ። ስልኩን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው tsiongmedhin የሚለውን በቀስታ፣ ፊደል እየቆጠሩ አነበቡና gዋ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ገ/መድኅን» አሉ። «የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ እንዲህ ነበር የጻፉኝ እኮ።»